አወያይዋ ያልሰማችው

አርባ የመስሚያ መሳሪያ ታድሎ ግማሽ ያህሉ መሳቢያ ውስጥ እንደተኛ የጆሮ ክፍሉ ባለሙያ ያወቀችው በባትሪ ነው። ያቺ የምስር ፍሬ የምታክል ባትሪ በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ታልቃለች። ስታልቅባቸው አዛውንቶቹ ወይም ልጆቻቸው እየመጡ ከእሷ መስኮት አዲስ ይወስዳሉ። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ የሚመጣው ሰው ሳሳ። ግራ ቢገባት ስልክ አንስታ ደወለች።

“ደህና ነው፣ በጨርቅ ጠቅልለን አስቀምጠንላቸዋል” አለች አንዷ ምራት፣ እንደ ውለታ።

“ለእንግዳ ሲሆን ያደርጉታል” አለ ሌላው።

ነገሩ ከነከናት። እያንዳንዱን ጆሮ በገዛ እጇ መርምራ፣ ቅርጹን ወስዳ፣ ድምፁን አስተካክላ የሰጠች እሷ ናት። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ክፍል ስትሠራ ታካሚው ሁሉ “ዶክተር” እያለ ነው የሚጠራት፤ አለመሆኗን ብትነግራቸውም የሚሰማት አላገኘችም። የክሊኒኩን ኃላፊ ትንሽ ጥናት ልሥራ ብላ ጠየቀች። መጠይቅ በትኖ ቁጥር መሰብሰብ ሳይሆን፣ ስድስት ሰው ክብ አስቀምጦ ማወያየት። ኃላፊው “መደበኛ ሥራሽን ሳይነካ” ብለው ፈቀዱ።

ታላቅ እህቷ ደግሞ እንጀራዋ ይኸው ነው። ስለ ውሃ ይሁን ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ መንገድ መብራት፣ ጥናት በተባለ ቁጥር ስድስት ሰባት ሰው ሰብስባ የምታወያይ ሴት ናት። እሁድ ከምሳ በኋላ ሰሃን እያጠቡ ነገሩን አጫወተቻት።

“ጥሩ” አለች ታላቅየዋ። “ማን ያወያያቸዋል?”

“እኔ ነኛ።”

“አንቺማ አይሆንም፣ ሚጣ።”

“ለምን? ከእኔ በላይ ማን ያውቃቸዋል?”

“ስለሚያውቁሽ ነዋ። መሳሪያውን የሰጠሽ አንቺ፣ መሳሪያው እንዴት ነው ብለሽ የምትጠይቂ አንቺ። ቤትሽ የበላ እንግዳ ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር ይልሻል?”

“እኔ ግን አልቀየምም።”

“አንቺ አትቀየሚም። እነሱ ግን ያንን በምን ያውቃሉ?”

ባለሙያዋ ሰሃኑን አድርቃ አስቀመጠችና ወሬ ቀየረች። ታላቅ እህት የሆነ ሰው ሁልጊዜ ያወቀ መስሎ መታየት ይወዳል ብላ አለፈችው።

የመጀመሪያው ውይይት ማክሰኞ ጠዋት በክሊኒኩ መሰብሰቢያ ክፍል ሆነ። ዝግጅቱ እንከን አልነበረውም፤ ለጆሮ የሚሆነውን ታውቃለቻ። መጋረጃውን የዘጋችው ከመንገድ የሚመጣው ድምፅ ግድግዳ ለግድግዳ እንዳይላተም ነው። ወንበሮቹን ክብ አድርጋ የሁሉም ፊት ብርሃን እንዲያገኝ አሰናዳች፤ መስማት ያዳገተው ሰው ግማሹን የሚሰማው በዓይኑ ስለሆነ። ጥያቄዎቹን በትልልቅ ፊደል ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ሁለት መቅጃ አዘጋጀች። አንዱን መሐል ጠረጴዛ ላይ፣ ብርጭቆ ሲቀመጥ እንዳይንኳኳበት ከታጠፈ ፎጣ ላይ፤ ሁለተኛውን ከወንበሮቹ ጀርባ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠች። ሁለቱንም ሞከረቻቸው። የፈቃደኝነት ቅጹን ጮክ ብላ አነበበች፦ ውይይቱ እንደሚቀረጽ፣ ስም እንደማይጻፍ፣ ቅጂውን ከጥናቱ ሰዎች በቀር ማንም እንደማይሰማው፣ መተው የፈለገ በፈለገ ሰዓት ተነስቶ መሄድ እንደሚችል። ሁሉም ፈረሙ። በስም ፋንታ ቁጥር ያለበት ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጠፈችላቸው።

ቁጥር አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ቁጥር ሁለት የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ ሰውዬ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር በላይ ሲጮኹ ስለኖሩ ክሊኒኩ “ጡሩንባ” ይላቸዋል፣ እሳቸውም ያውቁታል። ቁጥር ሦስት ልብስ ሰፊ፣ ቁጥር አምስት ባለሱቅ ሴትዮ፣ ቁጥር ስድስት የትምህርት ቤት ጥበቃ የነበሩ ናቸው። ቁጥር አራት ሁሉም እማማ የሚሏቸው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው የሚቀመጡ፣ ጠያቂው ደስ እንዲለው የሚመልሱ አዛውንት ናቸው።

ባለሙያዋ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ጀመረች። “እስቲ ንገሩኝ፣ መሳሪያው ሕይወታችሁን እንዴት ለወጠው?”

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ መሳሪያው ጥቅም፣ ስለ ክሊኒኩ ደግነት፣ ስለ ጆሮና ስለ ፍትሕ፣ አንድ ምስክር ሳይሰማ ስለቀረበት የድሮ ክስ፣ አሥራ አራት ደቂቃ ተናገሩ። ማንም አላቋረጣቸውም፤ ዳኛ አቋርጦ የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም። ሲጨርሱ ሾፌሩ “ማሽኑ ደህና ነው፤ እኔ ነኝ ያረጀሁት” ብለው ሁሉንም አሳቁ። ባለሱቋ ምርቃት አከሉ።

ልብስ ሰፊው ብቻ “የእኔው ግን ያፏጫል” አለ።

“እሱማ ጆሮህ ውስጥ በትክክል ስላልገባ ነው” አለችና ተነስታ አጠገቡ ሄደች። “እይ፣ እንዲህ አዙረው፣ እንዲህ ግፋው። ተሰማህ?”

“ተሰማኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።”

“እኔም ጋ እስቲ እዪልኝ” አሉ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ። “እኔም ጋ” አሉ ባለሱቋ። ሃያ ደቂቃ መሳሪያ ስታጸዳና ስትገጥም ቆየች። ዳኛው ልብስ ሰፊውን “ሰው የሰጠህን ነገር ነውር አታውጣለት” ብለው ሲገሥጹ ሰምታለች፤ ፈገግ ብላ አለፈችው። እማማ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ስለ ልጃቸው የጀመሩት ነገር ነበር። “ልጅዎ ታግዝዎታለች አይደል? በጣም ጥሩ” አለቻቸውና ሰዓቷን አይታ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ሄደች።

ሁሉም እየተሳሳቁ ወጡ። ማስታወሻ ስትይዝ የቆየችው የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ የጻፈችውን አስረከበች። የእጅ ጽሑፏ እንደ መርፌ ሥራ ያማረ ነው። በስድስት ገጽ ውስጥ “ሁሉም ተስማሙ” የሚል ዓረፍተ ነገር አምስት ቦታ አለ። ባለሙያዋ በዚያ ቀን ቤቷ የገባችው አንድ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ነው።

ደስታዋ የቆየው ቅጂውን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ እስክትጀምር ነው። የአንድ ሰዓት ንግግር መገልበጥ አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ የተናጋሪውን ቁጥር እየጻፉ፣ እያቆሙ፣ እየመለሱ፣ ሳቁና ዝምታው ሳይቀር። ከሥራ በኋላ በባዶው ክፍል ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ታወቃት። ከሁሉ አብልጣ እየጻፈች ያለችው “አወያይ” የሚለውን ቃል ነው። ከሰባ ሁለት ደቂቃው ሠላሳ አንዱ የራሷ ድምፅ ነበር። ስታስረዳ፣ ስታርም፣ ስታጽናና። ሃያ ሦስቱን ዳኛው ወስደዋል። ለአምስቱ ሰዎች የተረፈው ያው የተረፈው ነው። ጥያቄዎቿንም አየቻቸው። “መሳሪያው ሕይወታችሁን እንዴት ለወጠው?” መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ።

ልብስ ሰፊው ያፏጫል ባለበት ቦታ ደጋግማ ቆመች። ሰውየው የተናገረው የማፏጨቱን ምክንያት እንድትነግረው አልነበረም። ሲያፏጭ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳየው፣ ምን እንደተሰማው አልጠየቀችውም። እንደ ታካሚ ተቀብላ እንደ ታካሚ ሸኘችው።

ከዚያ የእማማ ቦታ መጣ። በመሐለኛው መቅጃ ላይ የእሳቸው ድምፅ በራሷ ድምፅ ተውጧል። በመስኮቱ በኩል ያለውን ሁለተኛ ቅጂ ከፈተች። እሱ ለእማማ ይቀርብ ነበር። “እኔ እንኳ... ልጄ ድሮ...” ይላሉ፤ ከዚያ “ልጅዎ ታግዝዎታለች አይደል?” ከዚያ “አዎ፣ ታግዘኛለች።” ድሮ ምን? መልሳ ሰማችው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ሰማችው። በሙያዋ የደከመ ድምፅ አጉልቶ ማውጣት ታውቃለች፤ ያልተነገረን ነገር ግን የሚያጎላ መሳሪያ የለም። በጽሑፉ ላይ “ቁጥር አራት፦ ልጄ ድሮ” ብላ ጻፈችና “አወያይዋ አቋረጠች” ብላ ጨመረች።

በማግሥቱ ከታላቅ እህቷ ቤት ሄደች።

“አልተሳካም” አለች ገና ሳትቀመጥ። “ላሰማሽ” ብላ መቅጃውን ከቦርሳዋ አወጣች።

እህትየዋ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት። “ሰዎቹ እኔ እንድሰማው ፈቅደዋል?”

“ለጥናቱ ሰዎች ነው የፈቀዱት።”

“እንግዲያው እኔ ማን ነኝ? መልሺው። የራስሽን ንገሪኝ፤ የራስሽን መናገር ትችያለሽ።”

የራሷን ነገረቻት። ሠላሳ አንዱን ደቂቃ፣ ጋውኑን፣ ሰዓቷን ማየቷን። ታላቅየዋ “ነግሬሽ ነበር” ማለት የምትወድ ሴት ናት፤ በዚያ ቀን ግን አላለችም። ሻይ ቀዳችላትና “እኔም መጀመሪያ ያወያየሁት ጊዜ የሴቶቹን መልስ ራሴው መልሼ ወጥቻለሁ” አለች። “ደግሞ አመስግነው ሸኙኝ።”

“አንቺ አወያያቸው፣ እትዬ። ለኃላፊው እኔ እነግራቸዋለሁ።”

“በወጉ ከሆነ። ስሜ በጥናቱ ይግባ፣ ሚስጥር ለመጠበቅ እፈርማለሁ። ቦታው ክሊኒክ አይሆንም። አንቺም አትገቢም።”

“ማስታወሻ ልይዝ? ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ሳልተነፍስ?”

“ጥግ ላይ ብትቀመጪም የሚያዩት አንቺን ነው። ማስታወሻ የምትይዝ አብራኝ የምትሠራ አለች።”

ኃላፊው ሁለተኛውን ዙር በጽሑፍ ፈቀዱ። ባለሙያዋ ስድስቱንም ደወለችላቸው። ያለፈው ጊዜ እኔ ብዙ አወራሁ፣ እናንተን በቅጡ አልሰማሁም፣ ፈቃዳችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ታወያያችኋለች አለች። ስልክ ላይ ለማይሰሙት በልጆቻቸው በኩል አስነገረች። ዳኛው “እኔ ሐሳቤን አጠናቅቄ አቅርቤያለሁ” አሉ፤ በቀኑ ግን ከሁሉ ቀድመው የደረሱ እሳቸው ናቸው።

ውይይቱ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክፍል ሲካሄድ ባለሙያዋ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ጆሮ እያየች ነበር። ሰዓቱን ስንት ጊዜ እንዳየችው እሷ ታውቃለች። ቅጂውና የማስታወሻው ወረቀት በማግሥቱ እጇ ገባ። በሩን ዘግታ ማዳመጫውን ደፋች።

መጀመሪያ የወንበር ድምፅ፣ ከዚያ የእህቷ ድምፅ፣ ቤት ከምታውቀው ዝግ ያለ።

“ይህንን ቅጂ የምንሰማው እኔ፣ ማስታወሻ የምትይዘው ባልደረባዬ፣ እና መሳሪያውን የገጠመችላችሁ ባለሙያ ነን። ስማችሁ አይጻፍም፤ ድምፃችሁን ግን ታውቃለች። አታውቅም ብዬ አልዋሻችሁም። ሳይቀረጽ ልናገር የሚል ካለ እጁን ያንሣ፣ አጠፋለሁ፤ ያኔ የተባለው አይጻፍም፣ ለእሷም አይደርስም። አንድ ሌላ ነገር። እኔ ለራሴ አፍ ቃል እገባለሁ፤ ለእናንተ አፍ ግን ቃል መግባት አልችልም። እዚህ የሰማችሁትን እዚሁ ተዉት ብዬ እለምናችኋለሁ።”

“እሷ ከሰማችው ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?” አሉ ሾፌሩ።

“አጠገባችሁ የለችም። መልስ አትሰጣችሁም።”

ሁሉም ሳቁ። ባለሙያዋም ብቻዋን ሳቀች፤ ትንሽ ቆንጥጧት ነበር።

እህትየዋ አንዲት ቢጫ ካርድ አምጥታ ነበር። ካርዷን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው ካርዷን አይቶ ፊቱን ወደዚያ ያዞራል። በማስታወሻው ላይ የአቀማመጡ ሥዕል አለ። ዳኛው ከአወያይዋ ጎን ናቸው፤ እማማ ፊት ለፊቷ። ብዙ የሚናገረውን ጎኗ፣ ዝም የሚለውን ዓይኗ ሥር ማድረጓ ነው።

“አንድ ቀን አስቡልኝ” አለች። “መሳሪያውን ያወለቃችሁበትን ቀን። የት ነበራችሁ? ማን ነበረ?”

ዝምታ። ባለሙያዋ መቅጃው የቆመ መስሏት ነካካችው። አልቆመም፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። አሥር ሰከንድ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። እሷ ብትሆን በሦስተኛው ሰከንድ ጥያቄውን አብራርታ፣ ምሳሌ ሰጥታ፣ መልሱንም ጨምራ ነበር። እህቷ ምንም አላለችም።

“ሠርግ ላይ ነው” አለ ልብስ ሰፊው በመጨረሻ። “የወንድሜ ልጅ ሠርግ። ልሳማት ብዬ ጠጋ ስል ማሽኑ አፏጨ። ሙሽራዋ ደንግጣ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ሰው አቅፌ አልሳምኩም፤ ወይ እሱን ወይ ሰውን ነው።”

ዳኛው ጀመሩ። ወደ ጋብቻ ሕግ ሊሄዱ ነው። እህትየዋ ሁለት ደቂቃ ያህል ሰማቻቸውና ትንፋሽ ሲወስዱ “ይህንን ይዤልዎታለሁ፣ እመለስበታለሁ” አለቻቸው። “ካርዷን ወደ ወዲያኛው ጫፍ እናሻግራት፤ ገና ያልሰማናቸው አሉ።” ማስታወሻው “ቁጥር አንድ ካርዱን አቆይተው ሰጡ” ይላል። ባለሱቋ ደንበኛ ሲበዛ የሳንቲሙም የበሩም ድምፅ እኩል እየጮኸ እንደሚያዞራቸው ተናገሩ። ጥበቃው ባትሪ መቀየር ጣታቸው እምቢ እንዳላቸው፣ ልጆቻቸውን መጠየቅ እንደሰለቻቸው ተናገሩ።

ከዚያ የሾፌሩ ድምፅ መጣ፣ ጡሩንባነቱ ጠፍቶ። “ይቺን ነገር አጥፊያት እስቲ።”

“አጠፋሁ” አለች እህትየዋ፤ ጠቅ አለ። ቀጥሎ ያለው ድምፅ “ቀረጻው እንደገና ጀምሯል፤ ተስማምታችኋል?” የሚል ነው። “ተስማምተናል” አሉ ብዙ ሰዎች። በማስታወሻው ላይ “በቁጥር ሁለት ጥያቄ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ቆሟል” ከሚል በቀር ፊደል የለም።

ከዚያ በኋላ የክፍሉ ድምፅ ሌላ ሆኖ ነበር። የሚያቻኩል የለም፣ የሚያስቅም የለም። ካርዷ እጅ በእጅ ስትሄድ ወረቀቱ ሲንሸራተት ይሰማል።

“እማማ፣ እርስዎስ?” አለች እህትየዋ።

“እኔስ ደህና ነኝ።” ዝምታ። እህቷ አሁንም አልሞላችውም። “ልጄ... ድሮ ከሥራ ስትመጣ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። አልሰማማ፣ ምን ታድርግ። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ነበር የምትነግረኝ። ማን ምን እንዳላት፣ አለቃዋ እንዴት እንዳስከፋት፣ ሁሉን። ትንፋሿ ይሞቀኝ ነበር። ማሽኑ ከመጣ በኋላ ከማድ ቤት ሆና ትጠራኛለች። ‘እማዬ በላሽ? እማዬ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?’ እሰማታለሁ፤ በደንብ እሰማታለሁ። በላሁ፣ ወሰድኩ እላለሁ። አለቀ። ስለዚህ ልጄ የምትገባበት ሰዓት ሲደርስ አወልቀዋለሁ። ጠርታኝ ጠርታኝ ሲደክማት ትመጣለች።”

ማስታወሻው “ቁጥር አምስት የቁጥር አራትን እጅ ያዙ” ይላል። ቀጥሎ “ቁጥር አንድ ካርዱን ጠየቁ” ይላል። ባለሙያዋ አሁን ንግግር ሊመጣ ነው ብላ ተዘጋጀች።

“እኔ ብዙ አወራለሁ” አሉ ዳኛው። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነው። “ታውቃላችሁ። እኔ እያወራሁ ሳለ ሰው ምን እንዳለ መስማት አይጠበቅብኝም። ዝም ካልኩ ይጠይቁኛል፤ ከጠየቁኝ የማይገናኝ እመልሳለሁ። ቤቴ ገበታ ላይ አሥራ አንድ ሰው እንሆናለን። ማሽኑ አንድ ሰው ሲያናግረኝ ጎበዝ ነው፤ አሥራ አንድ ሲሆን የሹካውን ድምፅ ነው የሚያመጣልኝ። የልጅ ልጆቼ በመልሴ ሲስቁ አየሁ። አልሰማኋቸውም፤ አየኋቸው።” ትንሽ ቆይተው “ያለፈው ጊዜ ይህን ሰው ገሥጬዋለሁ፤ ይቅርታ” አሉ። ልብስ ሰፊው “ኧረ ምንም አይደል” አለ።

ባለሙያዋ ማዳመጫውን አወለቀች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሳሪያ የሞከረችው ጸጥ ባለ ክፍል፣ በር ዘግታ፣ በአንዲት ሴት ድምፅ ነው፤ በራሷ ድምፅ። ሁሉም እዚያ ክፍል ውስጥ ሰምተዋል። ስለሰሙ ሥራዋን የጨረሰች መስሏት ነበር።

ማታ ለእህቷ ደወለች። ስለ እማማና ስለ ዳኛው አወሩ፤ እህትማማቾቹ ሁለቱም ሚስጥር ለመጠበቅ ፈርመዋልና። መጨረሻ ላይ “ሾፌሩ ምን አሉ?” አለች ባለሙያዋ።

“ቆሟል ይላል ወረቀቱ።”

“ለጥናቱ ሳይሆን... እኔ ነኝ እኮ የምረዳቸው። ባውቀው የምለውጥላቸው ነገር ይኖር ይሆናል።”

“ሊኖር ይችላል” አለች ታላቅየዋ። “ቢሆንም ጠፍቶ ነበር።”

ባለሙያዋ ተናደደች፤ የተናደደችው ግን እህቷ ልክ ስለሆነች ነው። ለሁለት ቀን ሳይደዋወሉ ቆዩ።

ሪፖርቱ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው “ስንት በመቶው ነው በቤተሰብ ምክንያት የሚያወልቀው?” አሉ።

“በመቶ የለውም። ስድስት ሰው ናቸው። ስንት ሰው እንደሚያወልቅ የባትሪው መዝገብ ነግሮናል፤ ይሄ ለምን እንደሚያወልቁ ነው የሚነግረን። እሱም የእነዚህን ስድስት ሰዎች። የሌሎቹ ይለይ ይሆናል፣ ጽፌዋለሁ።”

“የመጀመሪያው ዙርስ? እዚህ ላይ ‘በአወያይዋ ጥፋት ለትንተና አልዋለም’ ብለሻል። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?”

“የሆነው እሱ ነው።”

ኃላፊው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ሦስት ነገር ጠይቃ ነበር። መሳሪያ ሲሰጥ ከቤት አንድ ሰው አብሮ እንዲመጣና መሳሪያው ከሩቅ ለመጥራት ሳይሆን ቀርቦ ለመነጋገር እንደሆነ እንዲነገረው፤ ሙከራው ጸጥ ባለው ክፍል ብቻ ሳይሆን ሰው በሚተራመስበት መተላለፊያም እንዲደረግ፤ ጣታቸው ለደከመ ቻርጅ የሚደረግ መሳሪያ እንዲገዛ። ሁለቱን ፈቀዱ፤ ሦስተኛውን “እናያለን” አሉ። በእሳቸው አፍ እናያለን ማለት ምን እንደሆነ ክሊኒኩ በሙሉ ያውቃል።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ወደ መስኮቱ መጣች። የእማማ ልጅ ናት። የሥራ መታወቂያዋ ገና አንገቷ ላይ ነው፤ ዓይኗ ሥር ድካም አለ።

“ባትሪ ልወስድ ነው። ምን ዋጋ አለው እንጂ፤ እቤት ስገባ አውልቃው ነው የማገኛት። እዚህ ሰብስባችሁ አወያይታችኋቸው የለ? ለእናንተ የነገረቻችሁ ነገር አለ? ምን አጥፍቼ እንደሆነ እኔ አልገባኝም።”

ባለሙያዋ ባትሪውን እየቆጠረች ነበር፤ ቁጥሩ ጠፋባት። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይቺ ልጅ ብትሰማው ዛሬውኑ ሮጣ ሄዳ እናቷ ጎን ትቀመጣለች። ግን እማማ ያንን የተናገሩት ክብ ለተቀመጡት ሰዎች፣ ለአንዲት ካርድና ለአንዲት መቅጃ ነው። ለልጃቸው መናገር ቢፈልጉ ልጃቸው ቤት ውስጥ ነበረች። እህቷ ስልክ ላይ የመለሰችላት መልስ ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ገባት፤ ለካ ዝም ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

“ማን ምን እንዳለ አልናገርም” አለች በመጨረሻ። “ለማንም ቤተሰብ አልነግርም፤ ቃል ገብተንላቸዋል። ምንም አጥፍተሻል ማለቴም አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን መሳሪያ የወሰዱትን ሰዎች ቤተሰቦች በሙሉ ጠርተናል። እንድትመጪ እፈልጋለሁ።”

ልጅቱ የከፋት መሰለች። “እኔ ልጇ ነኝ እኮ።”

“አውቃለሁ።”

ባትሪውን ይዛ ሄደች። ባለሙያዋ ያን ቀን ሥራ አልሆነላትም። ልክ መሥራቷን ታውቃለች፤ ልክ መሥራት ግን እንደጠበቀችው አላሳረፋትም።

በቤተሰቦቹ ስብሰባ ሃያ ሁለት ሰው መጣ፤ ልጅቱም መጣች፣ ዘግይታ፣ ከኋላ ተቀመጠች። ባለሙያዋ ለሁሉም እኩል ተናገረች፦ መሳሪያው የሚጠቅመው ክንድ የሚያህል ርቀት ላይ ሲሆን እንደሆነ፣ ከሌላ ክፍል መጥራት እንዳይለምድባቸው፣ ገበታ ላይ አንድ በአንድ እንዲናገሩ። ለሁሉ የሚሆን ምክር ነው፤ የማንም ሚስጥር የለበትም። ከዚያ ጥያቄ ጠይቃ ዝም አለች። በሆዷ ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት ላይ አንድ አባወራ ተናገረ። ልጅቱ ምንም ሳትናገር ወጣች።

ከስብሰባው በኋላ በአራተኛው ወር እማማ ለክትትል መጡ። መሳሪያው በቀን ስንት ሰዓት እንደዋለ ራሱ ይመዘግባል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስታየው ሁለት የነበረው ስድስት ሆኗል። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ወንበሯን አቅርባ ተቀመጠችና ጠበቀች።

“ቀን ቀን አደርገዋለሁ” አሉ እማማ ቆይተው። “ከጎረቤት ጋር ለማውራት ደግ ነው። ልጄም አሁን ገብታ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ ምን እንደነካት እንጃ።” ፈገግ አሉ። “ማታ ግን አሁንም አወልቀዋለሁ። ልጄ ስትገባ።”

“ለምን?” አለች ባለሙያዋ።

“ሲወልቅ የበለጠ ትጠጋለቻ።”

ባለሙያዋ ካርዳቸው ላይ “ቀን በደንብ ይጠቀማሉ፤ ማታ በምርጫቸው አያደርጉም፤ ችግር የለም” ብላ ጻፈች። ከዚያ መሳሪያውን አጽድታ፣ ባትሪውን ቀይራ፣ በእጃቸው ሰጠቻቸው። እማማ ጆሯቸው ላይ ሳያደርጉት ኪሳቸው ከተው ወደ በሩ ሄዱ። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ፣ ወደ ልጃቸው መግቢያ፣ ተጠግቶ ነበር።